አንድ ካፖርት ብቻ ለሚገዛ ሰው፦ ላባ፣ ፖሊስተር ወይስ ሱፍ?

ጥያቄ፦ «ለሦስት ዓመት ትምህርት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደሚደርስበት ከተማ ልሄድ ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ በእግሬ ሄጄ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። በብርዱ ወቅት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ዝናብ የቀላቀለ በረዶ ይጥላል ይባላል። አቅሜ የሚፈቅደው አንድ ካፖርት ነው። የምኖርበት ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፤ ማድረቂያ ግን የለውም። የላባ፣ የሰው ሠራሽ ሙሌት ወይስ የሱፍ ካፖርት ልግዛ? መለያ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ግራ አጋብተውኛል።»

መልስ፦

ከጻፉት ሁሉ ቀድሞ ዓይኔ ያረፈው «ማድረቂያ ግን የለውም» የሚለው ላይ ነው። የብርድ ካፖርቶችን ማጠብና መጠገን ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወደ እኔ ተበላሽተው ከሚመጡት መካከል ለብሰውት ያለቀ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው አስተጣጠቡና አደራረቁ ያበላሸው ነው። ስለዚህ የሙቀቱን ነገር በሚገባ አስረዳዎታለሁ፣ ግን በመጨረሻ ምርጫዎን የሚወስነው ካፖርቱን የት እንደሚያደርቁት ነው።

ካፖርት በራሱ ሙቀት የለውም። ሙቀቱን የሚያመነጨው ሰውነትዎ ነው፤ የካፖርቱ ሥራ ያ ሙቀት እንዳያመልጥ መያዝ ነው። የሚይዘው ደግሞ በጨርቁ ወይም በላባው ሳይሆን በመካከላቸው በታሰረው አየር ነው። ከቦታው የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በጣም በዝግታ ያሳልፋል። ላባም ሆነ ፖሊስተር ወይም ሱፍ አየሩ እንዳይንቀሳቀስ የሚያስሩ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው። እነዚህ ጭረቶች ከተጨፈለቁ፣ ከረጠቡ ወይም ነፋስ ከገባባቸው የታሰረው አየር ይወጣል፣ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው አየሩን በምን ያህል ክብደት እንደሚይዙና ምን ሲደርስባቸው እንደሚለቁት ከሚወስነው ባሕርያቸው ነው።

ከላባው ልጀምር። ዳውን የሚባለው ዝይና ዳክዬ ከውጭ ላባቸው ሥር፣ በተለይ ደረታቸው ላይ ያላቸው ለስላሳ ሽፋን ነው። እንደ ተራው ላባ አጥንት የለውም። አንዷን ፍሬ መዳፍዎ ላይ ቢያስቀምጧት ከመሃሏ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተዘረጉ፣ ከሸረሪት ድር የማይወፍሩ ጭረቶች ታያላችሁ ማለት ነው፤ ክብደቷ ፈጽሞ አይሰማም። ጨፍልቀው ሲለቋት መልሳ ትነፋለች። በዚህ ባሕርይዋ ምክንያት ነው በክብደት ሲለካ ከሦስቱ ዳውንን የሚስተካከል የሌለው። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ደህና የዳውን ካፖርት ከነዚፑና ከነቆቡ ከአንድ ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በዳውን ካፖርት መለያ ላይ ሦስት ዓይነት ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። «90/10» ማለት ከሙሌቱ 90 በመቶው ዳውን፣ 10 በመቶው አጥንት ያለው ትንንሽ ላባ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው «ፊል ፓወር» የሚባለው ነው፤ 550፣ 650፣ 800 እየተባለ ይጻፋል። አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ዳውን፣ መለኪያ ውስጥ ገብቶ ቀላል ክብደት ሲያርፍበት ስንት ኩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚይዝ ያሳያል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዳውኑ በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ይይዛል። ሦስተኛው ቁጥር ካፖርቱ ውስጥ የገባው ሙሌት ስንት ግራም እንደሆነ ይናገራል። ገዢዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ፊል ፓወር የሙሌቱን ጥራት እንጂ የካፖርቱን ሙቀት አይነግርም፤ ሙቀቱን ለመገመት ግራሙም ያስፈልጋል።

ርዝመታቸውና ስፋታቸው ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ካፖርት ይዘዋል እንበል። በአንደኛው ላይ 800 ፊል ፓወር፣ 90 ግራም ሙሌት ተጽፏል። በሌላኛው ላይ 600 ፊል ፓወር፣ 200 ግራም። ሻጩ በአብዛኛው የሚያሞግስልዎ የመጀመሪያውን ነው፤ 800 ከ600 ይበልጣልና። ሁለቱን ቁጥሮች ግን ያባዟቸው። 800 በ90 ሲባዛ 72,000 ይሆናል፣ 600 በ200 ደግሞ 120,000። ሁለተኛው ካፖርት አንድ ተኩል እጥፍ ከሚበልጥ አየር ጋር ነው የሚሸጥልዎ። የመጀመሪያው ቀላልና ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው ይስማማል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ የሚጨምረው 110 ግራም ብቻ ነው። ግራሙ ያልተጻፈበት ካፖርት ሲያጋጥምዎ ሻጩን ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ በእጅዎ ይፈትሹት፦ ትከሻውን፣ ደረቱንና እጅጌውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ውፍረቱን ያወዳድሩ። ብዙ ርካሽ ካፖርቶች ደረታቸው ላይ ጠግበው ትከሻቸው ላይ ባዶ ናቸው።

ስፌቱንም ይዩ። መርፌው የውጭውን ጨርቅና ገበሩን አንድ ላይ ወግቶ ካለፈ በዚያ መስመር ላይ ሙሌት የለም፤ በየመስመሩ ብርድ ይገባል። ካፖርቱን ወደ መስኮት ብርሃን ዘርግተው ሲያዩት መስመሮቹ ነጥተው ይታያሉ። ለ20 ዲግሪ ብርድ ተመራጭ የሆነው በውጭው ጨርቅና በገበሩ መካከል ቀጭን ጨርቅ እንደ ግድግዳ ቆሞ ክፍሎቹን የሚለያይበት አሠራር ነው። ይህ ካልተገኘ ስፌቱ በሌላ ሙሉ ጨርቅ ከላይ የተሸፈነበት ካፖርት ይበቃዎታል።

የዳውን ድክመት ውሃ ነው። ሲረጥብ እነዚያ ቀጫጭን ጭረቶች ተጣብቀው ይጓጉላሉ፣ የያዙትን አየርም ይለቃሉ። በውሃ ተከላካይ ንጥረ ነገር የታከመ ዳውን አለ፤ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። በረዶ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ የሚጥለው በረዶ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ትከሻዎን ቢያራግፉት ይረግፋል። አስቸጋሪው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚወርደው፣ ጨርቁን ነክቶ ወዲያው ውሃ የሚሆነው ነው። ለ15 ደቂቃ መንገድ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነና ውሃ የሚያንሸራትት የውጭ ጨርቅ ይበቃል። ውሃ ጠብ አድርገው ይሞክሩት፦ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ደህና ነው፣ ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው አይሆንም።

ከውስጥ የሚመጣውን ውሃም አይርሱ። በፍጥነት ሲራመዱ ላብዎ ተንኖ ሙሌቱ ውስጥ ይገባል፣ የካፖርቱ ውጫዊ ክፍል ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ወደ ውሃ ይለወጣል። ከተራመዱ በኋላ ቆመው ሲጠብቁ ድንገት የሚያንቀጠቅጥዎ ይህ ነው። እየሄዱ ዚፑን እስከ ደረትዎ ይክፈቱት፣ ሲቆሙ ይዝጉት። ቤት ሲገቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አያስገቡት፤ ክፍሉ ውስጥ በሰፊ መስቀያ ሰቅለው እንዲደርቅ ያድርጉ።

ወደ እጥበቱ ልግባ። አንድ ደንበኛ የዳውን ካፖርቱን ቤቱ አጥቦ ለአንድ ሳምንት ሰቅሎ አደረቀው። ከውጭ ደርቋል። ወደ እኔ ያመጣው «ከታጠበ ወዲህ አይሞቅም፣ ይሸታል» ብሎ ነው። ወደ ብርሃን ስዘረጋው በየክፍሉ ግርጌ እንደ ዋልኑት ፍሬ የጠነከረ ጥቁር ጓል ይታይ ነበር፣ ከጓሉ በላይ ያለው ባዶ ጨርቅ ነው። አንዱን ስፌት ፈትቼ ሳወጣው መሃሉ ገና እርጥብ ነበር፣ የሻጋታ ሽታም ነበረው። ዳውን ተሰቅሎ ሲደርቅ እንዲህ ይሆናል፦ በውሃ ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተጣብቆ ይጓጉላል፣ ከጓሉ መሃል ያለው ውሃ መውጫ ያጣል። እየተገላበጠና እየተመታ ካልደረቀ አይነፋም።

ትክክለኛው አስተጣጠብ ከባድ አይደለም፣ ግን ቀን ይፈጃል። ዚፖቹን ሁሉ ዘግተው፣ ኪሶቹን ባዶ አድርገው፣ በሩ ከፊት የሆነ ማሽን ውስጥ ብቻውን ያስገቡት። መሃሉ ላይ መዘውር የቆመበት ማሽን ክፍልፋዮቹን ይቀድዳልና ይተዉት። ውሃው 30 ዲግሪ፣ ሳሙናው ለዳውን የተዘጋጀ ፈሳሽ ሆኖ ጥቂት ብቻ ይሁን። ልብስ ማለስለሻ በፍጹም አይጨምሩ፤ ጭረቶቹን ይቀባቸውና መነፋታቸውን ይቀንሳል። ሳሙና እንዳይቀር ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ሲያወጡት በትከሻው ይዘው አያንጠልጥሉት፤ ውሃ የጠጣው ሙሌት ውስጡን ይቀድዳል። ከሥሩ በሁለት እጅዎ እንደ ሕፃን አቅፈው ያንሱት። ከዚያ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ከሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ የቴኒስ ኳስ ጋር ያስገቡት፤ ኳሶቹ ጓሉን እየደበደቡ ይበትኑታል። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተው የቀረውን ጓል በጣትዎ ይፍቱ። ሦስት ሰዓት ቢወስድ አይገረሙ። ደረቀ ሲሉ መዳፍዎን በየክፍሉ ላይ ያሳርፉ፦ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ የብርዱ ወቅት ሲያልቅ ነው። በመካከል ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል።

ሰው ሠራሽ ሙሌት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ጭረቶቹ ውሃ አይጠጡም። ካፖርቱ ቢረጥብ ውሃው በጭረቶቹ መካከል ይቀመጣል እንጂ ጭረቶቹን አያልፈሰፍሳቸውም፤ ስለዚህ እርጥብ ሆኖም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። ለእርስዎ ዋናው ጥቅሙ በ30 ዲግሪ ታጥቦ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ መድረቁ ነው። ብርቱ ሙቀት ግን ጠላቱ ነው፤ ማሞቂያ ላይ አያስጡት፣ አይተኩሱት፤ ጭረቶቹ ይለሰልሱና ተጣብቀው ይቀራሉ። ብዛቱ የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም በሚል ነው። 100 ግራም ለመለስተኛ ብርድ ነው። ቆሞ ለመጠበቅ ከሆነ ደረትና ጀርባው ላይ 200 ግራም አካባቢ ያለውን ይፈልጉ።

የሚከፍሉት ዋጋ ሁለት ነው። አንደኛው ክብደትና ግዝፈት፦ ከጥሩ ዳውን ጋር እኩል ለማሞቅ በግልጽ የበለጠ ሙሌት ይጠይቃል። ሁለተኛውን ገዢዎች አያዩትም። ፖሊስተር በተጨፈለቀ ቁጥር ከመነፋቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ የቀነሰውም አይመለስም። በየቀኑ ቦርሳ የሚሸከም ተማሪ ካፖርት ሳይ መጀመሪያ የምቆነጥጠው ትከሻው ላይ፣ ማንገቻው የሚያርፍበትን ነው። በሦስተኛው ዓመት እዚያ ቦታ ሁለቱ ጨርቆች ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። የዳውን ካፖርት ትከሻም ይጨፈለቃል፣ ግን ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ ብዙውን መልሶ ይነፋል። ስለዚህ ሰው ሠራሹን ከገዙ ሲያስቀምጡት አይጠቅልሉት፣ ቦርሳውንም ቢቻል በእጅዎ ይያዙት።

ሱፍን እወደዋለሁ፣ ግን ለእርስዎ ጉዳይ ብቻውን አይበቃም። የሱፍ ጭረት በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆን የውሃ ተን ጠጥቶም ለእጅ ደረቅ ይመስላል። ከሙቅ ክፍል ወጥቶ እርጥብ ብርድ ውስጥ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ጥሩ የካፖርት ሱፍ ከተሸመነ በኋላ በውሃና በመዳመጥ እንዲጠብቅ ይደረጋል፣ ነፋስም በቀላሉ አያልፈውም። መሞከር ከፈለጉ ጨርቁን አፍዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ይዘው እፍ ይበሉ፦ ትንፋሽዎ በሌላው ወገን በቀላሉ ከተሰማ ነፋሱም እንዲሁ ያልፋል። በመለያው ላይ ሱፉ ከ80 በመቶ በታች ሲሆን ተጠራጠሩ። ውስጡ ወፍራም ሹራብ እየለበሱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ሲራመዱ ያኮራል። ከዜሮ በታች 20 ላይ ቆሞ መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ ያን ያህል አየር እንዲይዝ ቢወፍር ከሁለት ኪሎ በላይ መሸከም ሊሆን ነው።

ሱፍ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ጭረቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ሽፋን አለው፤ በሙቅ ውሃ ሲገላበጥ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ካፖርቱ ለልጅ የሚሆን ጠንካራ ነገር ሆኖ ይወጣል፣ መመለሻም የለውም። ለብሰውት ሲመለሱ በብሩሽ ጠርገው አየር ላይ ይስቀሉት። በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ውሃ በኬሚካል የሚያጥቡ ባለሙያዎች ዘንድ ይውሰዱት፤ የግድ ከማስቀመጥዎ በፊት ይሁን፤ ብል የሚወደው ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ሱፍ ነውና።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አገሩ ከመድረስዎ በፊት እዚያ ያለ ሰው ይጠይቁ፦ በአካባቢው በገንዘብ የሚሠራ የሕዝብ ማጠቢያና ትልቅ ማድረቂያ አለ? ካለ ዳውን ይግዙ። የሚያስፈልገው በዓመት የአንድ ቀን ጉዞ ብቻ ነው፣ በምትኩ ለሦስት ዓመት ቀላልና ሞቃት ካፖርት ይኖርዎታል። ከ600 ያላነሰ ፊል ፓወር፣ 200 ግራም አካባቢ ሙሌት፣ ጭን የሚሸፍን ርዝመት፣ ውሃ የሚያንሸራትት ጨርቅና ከካፖርቱ ጋር የተያያዘ ቆብ ይኑረው። ማድረቂያ ከሌለ ግን አያመንቱ፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሆነውን ሰው ሠራሽ ይግዙ፤ ያልደረቀ ዳውን ከደከመ ፖሊስተር በጣም ይብሳል። የሱፉን ጥቅም ደግሞ በካፖርት ሳይሆን ከውስጥ በሚለበስ የሱፍ ሹራብ ያግኙት፤ እርሱ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ታጥቦ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ሲገዙ ያንኑ ወፍራም ሹራብ ለብሰው ይሂዱ። ካፖርቱን ይልበሱ፣ ዚፑን እስከ አገጭ ይዝጉ፣ ሁለት እጅዎን ወደፊት ዘርግተው ራስዎን እቀፉ። ጀርባዎ ላይ ከተወጠረ ሙሌቱ እየተጨፈለቀ ነውና አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ይጠይቁ። ከዚያ እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ወገብዎ ከተገለጠ ርዝመቱ አይበቃም። በመጨረሻ ገበሩን ገልብጠው የእጥበት ምልክቶቹን ይዩ። በካሬ ውስጥ ክብ ካለ ማድረቂያ ውስጥ ይገባል፤ ምልክቱ ላይ ኤክስ ከተደረገበት አይገባም። የዳውን ካፖርት ሆኖ ኤክስ ያለበት ከሆነ በየት እንደሚያደርቁት አምራቹም አልነገረዎትምና መልሰው ይስቀሉት።